ባንኩ «ክሬዲት» ሲላችሁ በእናንተ መዝገብ ምን ይጻፋል?

(አዳማ ላይ ለጀማሪ የሒሳብ አያያዝ ተማሪዎች ከቀረበ ገለጻ የተዘጋጀ)

እንደምን ዋላችሁ፣ ተማሪዎች። ዛሬ የማነሣው አንድ ጉዳይ ነው፤ ዴቢትና ክሬዲት ለምን ይምታቱባችኋል? የፈተና ወረቀት ሳርም ደጋግሜ የማየው ስሕተት በከባዱ ጥያቄ ላይ የሚሠራ አይደለም። «ጥሬ ገንዘብ» ወይም «ባንክ» የሚል ሒሳብ በገባበት ቀላል ጥያቄ ላይ ነው። ገንዘብ ሲገባ ክሬዲት፣ ሲወጣ ዴቢት አድርጋችሁ ትጽፋላችሁ። ነገሩ የግዴለሽነት ቢሆን ኖሮ አንዱ ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ ይስት ነበር። እናንተ ግን የምትስቱት ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። ይህ ማለት ወደ ክፍል ከመግባታችሁ በፊት አንድ ቦታ የተማራችሁት ነገር አለ ማለት ነው።

ያ ቦታ ስልካችሁ ነው። ከቤት ገንዘብ ሲላክላችሁ ከባንክ የሚደርሳችሁ አጭር መልእክት ሒሳባችሁ ክሬዲት መደረጉን ይነግራችኋል። ከኤቲኤም ብር ስታወጡ ደግሞ ዴቢት መደረጉን ይነግራችኋል። ይህንን ለዓመታት ስታነቡ ክሬዲት ማለት የገባ፣ ዴቢት ማለት የወጣ ሆኖ በአእምሯችሁ ተቀመጠ። ከዚያ እኛ መጥተን ጥሬ ገንዘብ ሲገባ ዴቢት ነው ስንላችሁ ሁለቱ ይጋጩባችኋል። ብዙዎቻችሁም ግጭቱን ሳትፈቱት አዲሱን ደንብ በቃል ይዛችሁ ታልፋላችሁ። ፈተና ላይ ስትጨነቁ ግን የሚመጣላችሁ አሮጌው ነው።

ባንኩ አልተሳሳተም፤ መማሪያችሁም አልተሳሳተም። መልእክቱ የተጻፈው ከባንኩ መዝገብ ነው፤ መማሪያችሁ የሚያስተምራችሁ የእናንተን መዝገብ ነው። እኔ አሁን ፊት ለፊታችሁ ቆሜ ቀኝ እጄን ሳነሣ ለእናንተ የሚነሣው በግራ በኩል እንደሆነ ሁሉ፣ ፊት ለፊት የቆሙ ሁለት መዝገቦችም አንዱን ክንውን በተቃራኒ ጎን ይጽፉታል። ስለዚህ «ዴቢት ነው ወይስ ክሬዲት?» ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት «በማን መዝገብ?» ብላችሁ ጠይቁ።

አሁን አንድ ጉዳይ ይዘን እንሂድ። እዚሁ አዳማ፣ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መንገድ ዳር የከባድ መኪና መለዋወጫ የሚሸጥ ሱቅ እናስብ። ከሱቁ በዱቤ ዕቃ የወሰደ አንድ የጭነት ማመላለሻ ድርጅት አለ። ድርጅቱና ሱቁ ሒሳብ ያላቸው በአንድ ባንክ ነው። ድርጅቱ ከዕዳው ላይ 50,000 ብር በባንክ ዝውውር ከፈለ። ይህ አንድ ዝውውር በሦስት መዝገብ ይጻፋል፤ ሦስቱንም ቀስ ብለን እንያቸው።

በሱቁ መዝገብ ባንክ ያለው ገንዘብ በ50,000 ጨመረ። ከድርጅቱ የሚሰበሰበው ገንዘብ ደግሞ በዚያው መጠን ቀነሰ። ስለዚህ «ባንክ» ዴቢት 50,000፣ «ተሰብሳቢ ሒሳብ» ክሬዲት 50,000 ይደረጋል። በድርጅቱ መዝገብ ያለበት ዕዳ ቀነሰ፤ ባንክ ያለው ገንዘብም ቀነሰ። ስለዚህ «ተከፋይ ሒሳብ» ዴቢት 50,000፣ «ባንክ» ክሬዲት 50,000 ይሆናል።

ሦስተኛው የባንኩ የራሱ መዝገብ ነው፤ የስልካችሁ መልእክት የሚመጣው ከዚህ ነው። ሱቁ ባንክ ያስቀመጠው ገንዘብ ለባንኩ ሀብቱ አይደለም። ሱቁ በጠየቀ ጊዜ የሚመልሰው ዕዳ ነው። ባንኩ ለእያንዳንዱ አስቀማጭ አንድ የዕዳ ሒሳብ አለው፤ እኛ «የባንክ ሒሳቤ» የምንለውም እርሱኑ ነው። ዝውውሩ ሲፈጸም ባንኩ ለድርጅቱ ያለበት ዕዳ በ50,000 ቀነሰ፤ ለሱቁ ያለበት ዕዳ በ50,000 ጨመረ። ዕዳ ሲቀንስ ዴቢት፣ ሲጨምር ክሬዲት ነው። ስለዚህ የድርጅቱ ሒሳብ ዴቢት፣ የሱቁ ሒሳብ ክሬዲት ተደረገ። ለሱቁ ባለቤት «ክሬዲት ተደርጓል» የሚል መልእክት የደረሳት በዚህ ምክንያት ነው። በባንኩ ካዝና ውስጥ አንዲት ብር እንኳ እንዳልተንቀሳቀሰች ልብ በሉ። ባንኩ ባለዕዳነቱን ከአንዱ ደንበኛ ወደ ሌላው አዛወረ እንጂ ገንዘብ አላስገባም፣ አላስወጣም። ክሬዲት ማለት «ገንዘብ ገባ» ቢሆን ኖሮ ይህ ሊሆን አይችልም ነበር።

ገለጻውን እዚህ ሳደርስ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ ታዲያ በጥሬው ገንዘብ ካስገባሁስ? ያን ጊዜ ባንኩ ገንዘብ ተቀብሏል» ብላ ጠየቀች። ጥሩ ጥያቄ ነው። ያን ጊዜ ባንኩ ሁለት ነገር ይጽፋል። ካዝናው ውስጥ የገባው ገንዘብ የባንኩ ሀብት ስለሆነ «ጥሬ ገንዘብ» ዴቢት ይደረጋል፤ ለእርስዋ ያለበት ዕዳ ስለጨመረ ሒሳቧ ክሬዲት ይደረጋል። እንግዲህ ባንኩም ጥሬ ገንዘብ ሲቀበል ልክ እንደ እኛ ዴቢት ያደርጋል። ነገር ግን በስልክ የሚልክልን የመጀመሪያውን አይደለም፤ ሁለተኛውን መስመር ብቻ ነው። የምናየው ግማሹን ስለሆነ ነው የምንሳሳተው።

አሁን የጎኖቹን ደንብ እናንሣ። የምታውቁት እኩልታ አለ፤ ሀብት ከዕዳና ከካፒታል ድምር ጋር እኩል ነው። ሀብት የሚጻፈው በእኩልታው ግራ፣ ዕዳና ካፒታል በቀኝ ነው። የሒሳብ ገጽም ግራና ቀኝ አለው፤ ግራው ዴቢት፣ ቀኙ ክሬዲት ይባላል። በእኩልታው በግራ ያለ ሒሳብ ሲጨምር በገጹ ግራ ይጻፋል፤ በቀኝ ያለ ሒሳብ ሲጨምር በገጹ ቀኝ ይጻፋል። መቀነስ ሁልጊዜ በተቃራኒው ጎን ነው። ዴቢት በራሱ መጨመርም መቀነስም አይደለም፤ የግራ ጎን ስም ነው። መጨመር ይሁን መቀነስ የሚወስነው የሒሳቡ ዓይነት ነው።

«ለምን ግራ ሆነ?» ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። ምክንያት ለመፈለግ ጊዜ አታጥፉ። የጣሊያን ነጋዴዎች እንዲህ ይጽፉ ነበር፤ ሉካ ፓቾሊ የተባለው የሒሳብ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1494 ቬኒስ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ይህን የቬኒስ ነጋዴዎች አሠራር ገለጸው፤ ስምምነቱም እስከ ዛሬ ቆየ። ዓለም ሁሉ ተስማምቶ ጎኖቹን ቢያቀያይራቸው ኖሮ ሥራው በእኩል ደረጃ ይሠራ ነበር። በቃል መያዝ ያለባችሁ ይህችን አንዲት ስምምነት ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከእርስዋ ይወጣል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚያደናቅፋችሁ ወጪ ነው። ሀብት ጥሩ ነገር ስለሆነ ዴቢት ቢሆን ይገባናል፤ ወጪ ገንዘባችንን የሚበላ ሆኖ ሳለ እንዴት ከሀብት ጋር በአንድ ጎን ይቀመጣል ትላላችሁ። ጎኖቹ ግን ጥሩና መጥፎ የሚለዩ አይደሉም። ወጪ የሚያደርገውን ተመልከቱ። ሱቁ የቤት ኪራይ ሲከፍል የባለቤቷ ድርሻ፣ ማለትም ካፒታሉ፣ ይቀንሳል። ካፒታል በቀኝ የሚጨምር ሒሳብ ነው፤ ስለዚህ ሲቀንስ በግራ ይጻፋል። እያንዳንዱን ኪራይ፣ ደመወዝና የመብራት ክፍያ በቀጥታ ከካፒታል ላይ ብንቀንስ ግን በወሩ መጨረሻ ለምን ምን ያህል እንደወጣ ማወቅ አንችልም። ስለዚህ ለእነዚህ ቅናሾች የየራሳቸውን ገጽ እንከፍታለን፤ «የኪራይ ወጪ» የምንለው እርሱን ነው። በዚያ ገጽ የሚጻፈው ነገር ሁሉ የካፒታል ቅናሽ ስለሆነ ዴቢት ይሆናል። ገቢ ደግሞ ካፒታልን ስለሚያሳድግ በቀኝ ይጻፋል። ባለቤቷ ለግል ጉዳይዋ የምትወስደው ገንዘብም ካፒታሏን ይቀንሳል፤ እርሱም ዴቢት ነው።

ይህን ከያዛችሁ እኩልታው ሰፋ ብሎ ሊጻፍ ይችላል። በግራ ሀብትና ወጪ፣ በቀኝ ዕዳ፣ ካፒታልና ገቢ ይቀመጣሉ። አንድ ለየት የሚል ሒሳብ ወደፊት ታገኛላችሁ፤ የተጠራቀመ የእርጅና ተቀናሽ ከሀብት ጋር ተዘርዝሮ ሳለ ክሬዲት ነው። ሀብት ስለሆነ ሳይሆን የሀብት መቀነሻ ስለሆነ ነው። ዛሬ አልገባበትም።

ወደ ሱቃችን እንመለስና የአንድ ወር ሥራ እንጻፍ። የተጨማሪ እሴት ታክስን ነገሩን እንዳያበዛብን ትቼዋለሁ። ባለቤቷ 300,000 ብር በሱቁ ስም ባንክ በማስገባት ሥራ ጀመረች። ባንክ ዴቢት 300,000፣ ካፒታል ክሬዲት 300,000። ከአዲስ አበባ አስመጪ የ180,000 ብር መለዋወጫ በዱቤ አመጣች። የዕቃ ክምችት ዴቢት 180,000፣ ተከፋይ ሒሳብ ክሬዲት 180,000። የሱቁን ኪራይ 20,000 ብር በባንክ ከፈለች። የኪራይ ወጪ ዴቢት፣ ባንክ ክሬዲት።

ከዚያ ሽያጭ መጣ። ለጭነት ማመላለሻ ድርጅቱ የ90,000 ብር ዕቃ በዱቤ ሸጠች፤ ዕቃው እርስዋን ያስወጣት 60,000 ብር ነበር። እዚህ ላይ ሁለት ነገር እንደተፈጸመ አስተውሉ። አንደኛ፣ የሚሰበሰብ ገንዘብ ተፈጠረ፤ ተሰብሳቢ ሒሳብ ዴቢት 90,000፣ ሽያጭ ክሬዲት 90,000። ሁለተኛ፣ ዕቃው ከመደርደሪያ ወጣ፤ የተሸጠ ዕቃ ዋጋ ዴቢት 60,000፣ የዕቃ ክምችት ክሬዲት 60,000። ብዙዎቻችሁ ሁለተኛውን ትረሱታላችሁ፤ ያን ጊዜ በመደርደሪያ ላይ የሌለ ዕቃ በመዝገብ ላይ ይኖራል። በመጨረሻ ድርጅቱ ያንን 50,000 ብር ከፈለ፤ እርስዋም ለአስመጪው 100,000 ብር ከፈለች። ሁለቱንም አሁን ራሳችሁ መጻፍ ትችላላችሁ።

ሒሳቦቹን እንዝጋ። ባንክ 230,000፣ ተሰብሳቢ 40,000፣ የዕቃ ክምችት 120,000፣ ኪራይ 20,000፣ የተሸጠ ዕቃ ዋጋ 60,000፤ የዴቢቱ ድምር 470,000 ብር ነው። በክሬዲት በኩል ተከፋይ ሒሳብ 80,000፣ ካፒታል 300,000፣ ሽያጭ 90,000፤ ድምሩ ይኸው 470,000 ብር ነው። የሙከራ ሚዛኑ እኩል ሆነ።

አሁን ሆን ብለን እንሳሳት። መዝጋቢው የድርጅቱን የ50,000 ብር ክፍያ የባንኩን መልእክት አይቶ ጻፈው እንበል። መልእክቱ «ክሬዲት» ስለሚል እርሱም ባንክን ክሬዲት አደረገ፤ ሚዛን እንዲጠብቅለትም ተሰብሳቢ ሒሳብን ዴቢት አደረገ። ባንክ 130,000፣ ተሰብሳቢ 140,000 ሆነ። የዴቢት ድምሩን አስሉት፤ አሁንም 470,000 ነው! የሙከራ ሚዛኑ ምንም አልተናገረም። የጎን መገልበጥ ትልቁ አደጋ ይህ ነው። ሁለቱም ጎን አብረው ስለተገለበጡ እኩልነቱ አልፈረሰም። «ሚዛኑ እኩል ስለሆነልኝ ትክክል ነኝ» የሚል ተማሪ ያረጋገጠው ዴቢቱና ክሬዲቱ እኩል መሆናቸውን ብቻ ነው፤ በቦታቸው መሆናቸውን አላረጋገጠም።

ታዲያ በምን ይታወቃል? በመጀመሪያ የሒሳቡን ቀሪ ከታሪኩ ጋር አስተያዩት። ድርጅቱ የወሰደው ዕቃ በጠቅላላው የ90,000 ብር ነው፤ እንዴት የ140,000 ብር ባለዕዳ ሊሆን ይችላል? ክፍያ ከፍሎ ሳለ ዕዳው ከፍ ካለ ጎኑ ተገልብጧል። ቀጥሎ የባንኩን መግለጫ አምጡ። መግለጫው የሱቁ ቀሪ 230,000 ነው ይላል፤ መዝገባችን 130,000 ይላል። ልዩነቱ 100,000 ነው። የሳትነው ግን 50,000 ነበር፤ ልዩነቱ ለምን እጥፍ ሆነ? ምክንያቱም 50,000 መደመር ሲገባን ቀንሰናል። ያልደመርነው አንድ ጊዜ፣ የቀነስነው ሌላ ጊዜ ተቆጠረ። ስለዚህ የተገለበጠ ጎን ስትፈልጉ ልዩነቱን ለ2 አካፍሉትና በዚያ መጠን የተጻፈ ክንውን ፈልጉ።

ይህ ዘዴ ሚዛኑ እኩል አልሆን ሲልም ይሠራል። የኪራዩን 20,000 ብር በስሕተት በኪራይ ወጪ ገጽ ቀኝ ጻፍነው፤ ባንኩን ግን በትክክል ክሬዲት አደረግነው እንበል። አሁን አንድ ክንውን ሁለት ክሬዲት ሆነ፤ ዴቢት የለውም። የዴቢት ድምሩ 450,000፣ የክሬዲት ድምሩ 490,000 ይሆናል። ልዩነቱ 40,000፣ ግማሹ 20,000። ኪራዩ ራሱን አጋለጠ። ግማሹ ከየትኛውም ክንውን ጋር ካልገጠመ ልዩነቱ ለ9 ይካፈል እንደሆነ ተመልከቱ። ያለ ቀሪ ከተካፈለ የጎን ነገር ላይሆን ይችላል፤ 5,400ን 4,500 ብሎ እንደመጻፍ ያለ የአሃዞች መቀያየር ሊሆን ይችላል። እነዚህ ግን ፍንጭ ናቸው፤ ሁለት ስሕተቶች ከተደራረቡ ልዩነቱ ምንም ላይነግራችሁ ይችላል።

የባንክ መግለጫን ካነሣሁ ዘንድ አንድ ነገር ልጨምር፤ ሥራ ስትጀምሩ በየወሩ የምትሠሩት የባንክ ማስታረቅ ስለሆነ ነው። በመግለጫው ላይ ሁለት ዓምድ ታገኛላችሁ። በክሬዲት ዓምድ ያለው እያንዳንዱ መጠን በእናንተ የባንክ ገጽ በዴቢት በኩል መገኘት አለበት፤ በዴቢት ዓምድ ያለው በክሬዲት በኩል። ከመግለጫው በቀር ከየትም የማታውቁት ነገርም ይኖራል። ባንኩ የአገልግሎት ክፍያ 100 ብር ቀንሶ በዴቢት ዓምድ አስፍሮታል እንበል። በባንኩ መዝገብ ለሱቁ ያለበት ዕዳ ስለቀነሰ ያ ዴቢት ነው፤ በሌላ በኩል የገቢ ሒሳቡን ክሬዲት አድርጓል። እናንተ «የባንክ አገልግሎት ወጪ» ዴቢት፣ «ባንክ» ክሬዲት ታደርጋላችሁ። የመግለጫውን ዓምድ አይቶ ባንክን ዴቢት የሚያደርግ መዝጋቢ 100 ብር ጨምሮ ይጽፋል፤ ልዩነቱም 200 ብር ሆኖ ይቀመጣል።

ሱቁ ካለው በላይ እንዲያወጣ ባንኩ ፈቅዶለት ቢያወጣስ? ያን ጊዜ ባለዕዳው ሱቁ ይሆናል። የባንኩ መግለጫ የዴቢት ቀሪ ያሳያል፤ በሱቁ መዝገብ የባንክ ሒሳብ የክሬዲት ቀሪ ይኖረዋል፤ ይህም ዕዳ እንጂ ሀብት አይደለም። እንዲህ ዓይነት ፈቃድ ሳይኖር ግን የባንክ ገጻችሁ የክሬዲት ቀሪ ካሳየ፣ ከሌላ ነገር በፊት የገለበጣችሁት ጎን እንዳለ ፈልጉ። የጥሬ ገንዘብ ሣጥን ከሆነማ የክሬዲት ቀሪ ከቶ ሊኖረው አይችልም፤ ከባዶ ሣጥን ብር አይወጣምና።

ከባንክ ውጭ ይኸው ነገር የሚያጋጥማችሁ ክሬዲት ኖት በሚባለው ሰነድ ላይ ነው። የሱቁ ባለቤት ከአስመጪው ካመጣችው ዕቃ ውስጥ የ12,000 ብር ዋጋ ያለው ለመኪናው የማይገጥም ሆኖ ተገኘና መለሰችው። አስመጪው ተቀብሎ የ12,000 ብር ክሬዲት ኖት ላከላት። ሰነዱን ያዘጋጀው አስመጪው ነው፤ ስሙም የወጣው ከእርሱ መዝገብ ነው፤ ከሱቁ የሚሰበስበውን ሒሳብ ክሬዲት አድርጓል። ለሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ የምትሠሩት ይህ ነው። ክንውኑን በአንድ ገጽ በሱቁ መዝገብ፣ በሌላ ገጽ በአስመጪው መዝገብ ጻፉት። የአስመጪውን ስትጽፉ ዕቃው እርሱን ያስወጣው 9,000 ብር እንደነበረ፣ ሳይበላሽ ወደ መጋዘኑ እንደተመለሰም አስቡ። ከዚያ የሱቁ ተከፋይ ሒሳብ ከ80,000 ወደ ስንት እንደወረደ፣ የዕቃ ክምችቱ ከ120,000 ስንት እንደሆነና የሙከራ ሚዛኑ አዲስ ድምር ስንት እንደመጣ አሳዩኝ። ድምሩ 470,000 ሆኖ ከቀረላችሁ ወይም ከዚያ ከፍ ካለ፣ ክሬዲት የሚለውን ቃል ከሰነዱ ላይ ገልብጣችሁ ጽፋችኋል፤ ተመለሱና በማን መዝገብ እንደሆናችሁ እዩ።